በዓይን ጀርባ ፎቶ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የዓይኑን ጀርባ ፎቶ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣው ክብ፣ ብርቱካናማ ምስል ነው። ሰውየው ጠቆር ያለ ከሆነ ምስሉም ወደ ቡናማ ያደላል። በክቡ አንድ ወገን ፈካ ያለ ቢጫ ቦታ ይታያል፤ የዓይን ነርቭ ከሬቲና ወጥቶ ወደ አንጎል የሚጓዝበት በር ነው። ደም ስሮቹም በዚሁ በር ገብተው ወደ ላይና ወደ ታች በቅስት ይዘረጋሉ። በቅስቶቹ መካከል፣ ከነርቩ በር ወደ ጆሮ በኩል ራቅ ብሎ፣ ጠቆር ያለና ደም ስር የማይታይበት ቦታ አለ። ማኩላ የሚባለው ይህ አካባቢ ነው። ጋዜጣ ስናነብ፣ የሰው ፊት ስንለይ፣ መርፌ ላይ ክር ስናስገባ የምንጠቀመው እይታ የሚመጣው ከዚህ፣ በተለይም ከእምብርቱ ነው።

ፎቶውን ማንሳት ቀላል ነው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ፣ ብዙ ጊዜ ትሮፒካማይድ፣ ዓይን ውስጥ ይጨመራል። ብሌኑ በ20 ደቂቃ ገደማ ይሰፋል፤ ዓይኑ ጥቁር የሆነ ሰው ግን ትንሽ መቆየት ወይም ጠብታው ሊደገምለት ያስፈልጋል። ከዚያ አገጩን ማረፊያው ላይ አድርጎ የምትበራ ነጥብ ያያል፤ ካሜራው ብልጭ ይላል፤ አለቀ። በተለመደው አሠራር ከእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ፎቶ ይወሰዳል፤ አንዱ ማኩላን መሃል አድርጎ፣ ሌላው የነርቩን በር መሃል አድርጎ። ምንም የሚነካ፣ የሚወጋ ነገር የለም። ጠብታው ግን ለጥቂት ሰዓታት የቅርብ ጽሑፍ ያደበዝዛል፣ ፀሐይም ያስቸግራል፤ ስለዚህ በዚያ ቀን መኪና እየነዱ ወደ ምርመራ መሄድ አይገባም።

ትልቁ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ነው። የስኳር ሕመም ዓይንን ሲጎዳ ለዓመታት ምንም አያሳምም፣ እይታም አይቀንስ ይሆናል። ፎቶው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ምልክቶችን ይይዛል። የመጀመሪያዋ ምልክት አንዲት ቀይ ነጥብ ናት።

ይህች ነጥብ ማይክሮአኑሪዝም ትባላለች። በፎቶ ላይ በሹል እርሳስ ጫፍ የተነካች ያህል ትንሽ፣ ጥርት ያለች፣ ክብ ቀይ ነጥብ ሆና ትታያለች። በተለመደው አነጋገር ደም የፈሰሰባት ቦታ አይደለችም፤ ደሙ ገና በስሩ ውስጥ ነው። የሬቲና ቀጫጭን የደም ስሮች ቀይ የደም ሴል በነጠላ ሰልፍ የሚያልፍባቸው ጠባብ ቧንቧዎች ናቸው። ግድግዳቸውን ከውጭ አቅፈው የሚደግፉ ፔሪሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ ሬቲና ውስጥ ከሌላው የሰውነት ክፍል በበለጠ ብዛት ይገኛሉ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ቀድሞ የሚያጠፋው እነዚህን ደጋፊ ሴሎች ነው። ደጋፊ ያጣው ግድግዳ እንደ አሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በሳሳበት በኩል ወደ ውጭ ይነፋል። ፎቶው ላይ የምናያት ነጥብ ያች የተነፋች ክፍል ናት። አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጡም፤ በጣም ትንንሾቹ ጭራሽ ፎቶ ላይ አይወጡም።

አንዲት ወይም ሁለት ማይክሮአኑሪዝም ያለበት ሰው የሚያጣው እይታ የለም፤ ሕክምናም በዓይኑ ላይ አይደረግለትም። ነገር ግን ነጥቧ ስለ ሰውነቱ የምትናገረው አለ። በዓይን ያሉት ቀጫጭን ስሮች መሳሳት ከጀመሩ፣ በኩላሊት ያሉትም በተመሳሳይ ጫና ውስጥ ናቸው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥሩ ሐኪም ይህችን ነጥብ ሲያይ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን፣ የደም ግፊቱንም የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ጨርሶ ሲበጠስ ደም ይፈሳል። እዚህ ላይ የደሙ ቅርጽ ራሱ መረጃ ነው፤ ምክንያቱም ሬቲና አንድ ወጥ ሽፋን ሳይሆን በላይ በላይ የተነባበረ ነው። ደሙ በመካከለኛዎቹ ንብርብሮች ውስጥ ከፈሰሰ ሴሎቹ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ወደ ጎን መዘርጋት አይችልም። ስለዚህ ክብ ነጥብ ወይም ዳሩ ያልጠራ ጠብታ ይሆናል፤ በስኳር ሕመም በብዛት የሚታየው ይህ ነው። በላይኛው ንብርብር፣ የነርቭ ክሮች ተጋድመው በሚሄዱበት ቦታ ከፈሰሰ ደግሞ በክሮቹ መካከል እየተንሸራተተ ረዘም ይልና ጫፉ እንደ ነበልባል ይሾላል። የነበልባል ቅርጽ ያለው ደም በብዛት ሲታይ ሐኪሙ ከስኳሩ በተጨማሪ የደም ግፊትን ያስባል። ሦስተኛው ዓይነት ደም ከሬቲናው ፊት ለፊት ይጠራቀማል፤ ከላይ ጠፍጣፋ፣ ከታች ሞላ ያለ ጀልባ መሳይ ሆኖ። ይህ ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ነው። አዲስ የበቀሉ፣ ለመድማት የቀረቡ ደም ስሮች እንዳሉ ስለሚያመለክት ሰውየው በቀናት ውስጥ የሬቲና ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ትንሽ ደም ፎቶ ላይ ከማይክሮአኑሪዝም ጋር ይመሳሰላል፤ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችም አንዳንዴ መለየት ይቸግራቸዋል። አጥብቆ መለየት ሲያስፈልግ ፍሎረሲን የሚባል ቢጫ ቀለም በክንድ ደም ስር ተሰጥቶ ተከታታይ ፎቶ ይነሳል። ማይክሮአኑሪዝም ከደም ዝውውሩ ጋር የተገናኘች ስለሆነች ቀለሙ ገብቶባት ታበራለች፤ የፈሰሰው ደም ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለዕለታዊው ንባብ እስከዚህ መድረስ አያስፈልግም። ሌላ ቀላል ዘዴ አለ፤ ምስሉን በኮምፒውተሩ ላይ በአረንጓዴ ብርሃን ብቻ ማየት። ያኔ ቀዩ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በቡናማው የኛ ሰዎች ሬቲና ላይ ተደብቀው የነበሩ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ጎልተው ይወጣሉ።

አሁን ወደ እብጠቱ እንምጣ። በስኳር ሕመም ከሚደርስ የእይታ መቀነስ ብዙውን የሚያመጣው የማኩላ እብጠት ነው፤ ሆኖም በአንድ ተራ ፎቶ በቀጥታ የማይታየውም እሱ ነው። እብጠት ማለት የሬቲናው ውፍረት መጨመር ነው። ጤነኛ ማኩላ ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከሳሱት ስሮች የሚሰርገው ውሃማ ፈሳሽ በንብርብሮቹ መካከል ሲጠራቀም ያ ውፍረት ይጨምራል። ፎቶ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ወርድና ቁመት እንጂ ከፍታ አያሳይም። ሁለት ሬቲናዎች፣ አንዱ ያበጠ ሌላው ጤነኛ፣ ከላይ ሲነሱ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ።

ስለዚህ ፎቶ የሚያነብ ሰው እብጠቱን ሳይሆን እብጠቱ ትቶት የሚሄደውን ምልክት ይፈልጋል። ከሳሳው ስር የሚወጣው ፈሳሽ ብቻውን አይወጣም፤ ፕሮቲንና ስብም አብረውት ይወጣሉ። ፈሳሹ ከምንጩ ርቆ እስከተወሰነ ቦታ ይሰራጫል፣ ከዚያ ያለው ጤነኛ ስር መልሶ ይመጠዋል። ውሃው ሲመጠጥ ስቡ አያልፍም፤ እዚያው ድንበሩ ላይ ይቀራል። በፎቶ ላይ ይህ ቢጫ፣ ሰም የሚመስል፣ ዳሩ ጥርት ያለ ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል። ኤግዙዴት ይባላል። ፈሳሹ ከአንድ ምንጭ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ከተሰራጨ ስቡ ቀለበት ይሠራል። ይህን ቀለበት ያየ ሐኪም መሃሉን ይመለከታል፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ጥቂት ማይክሮአኑሪዝሞች ተሰብስበው ያገኛቸዋል። የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። ጠፍጣፋው ፎቶ ያልነገረውን ከፍታ፣ ቢጫው ቀለበት የነገረው ይመስለኛል፤ በዚህ ምርመራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ቀለበቱ ከማኩላው እምብርት ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። መለኪያው እዚያው ፎቶው ላይ አለ። የነርቩ በር ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ባለሙያው ያንን ስፋት ይወስድና ከእምብርቱ ዙሪያ ክብ ያሰላል። በእንግሊዝ ብሔራዊ የስኳር ዓይን ምርመራ፣ በዚህ ክብ ውስጥ ኤግዙዴት ከተገኘ ሰውየው እይታው ሙሉ ቢሆንም እንኳ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ቀይ ነጥብ ወይም ደም ብቻ ከተገኘ ግን የሚላከው እይታው ከቀነሰ ነው። ስለዚህ ከእምብርቱ ርቀው ያሉ አሥር ነጥቦች ከአንድ ቅርብ ቢጫ ቁርጥራጭ ያነሰ ሊያሳስቡ ይችላሉ። በማኩላ ጉዳይ ከብዛት ቦታ ይበልጣል።

ይህን በአንድ ሰው ላይ እንየው። ለማስረዳት ያህል የታሰቡ ሰው ናቸው፤ እንደሳቸው ያሉ ግን በየክሊኒኩ ወረፋ ላይ አሉ። የ52 ዓመት መምህር ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኪኒን ይወስዳሉ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 9.2 በመቶ፣ የደም ግፊታቸው 158 በ92 ነው። የዓይን ምርመራ አድርገው አያውቁም። ወደ ክሊኒክ የመጡት መነጽር ለመቀየር ነው።

በፊደል ሰሌዳው ላይ ቀኝ ዓይናቸው 6/6፣ ግራው 6/9 ያነባል። ባለሙያዋ ትንሽ ቀዳዳ ያላት መሸፈኛ በግራ ዓይናቸው ፊት ስታደርግ 6/6 አነበቡ። በቀዳዳ የሚሻሻል እይታ የመነጽር ጉድለት ነው፤ የማኩላ ጉዳት ቢሆን ኖሮ አይሻሻልም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ በመነጽር ማዘዣ ሊያልቅ የቀረበ ይመስላል። ጠብታ ተጨምሮ ፎቶው ተነሳ።

የቀኝ ዓይን ፎቶ ላይ ሁለት ማይክሮአኑሪዝሞች ብቻ አሉ፤ ሁለቱም ከላይኛው ቅስት በላይ፣ ከማኩላ ርቀው። በግራው ከማኩላው እምብርት ወደ ጆሮ በኩል ግማሽ ቀለበት የሠሩ ስምንት ትንንሽ ቢጫ ቁርጥራጮች ይታያሉ። በግማሽ ቀለበቱ ውስጥ ሦስት ቀይ ነጥቦች አሉ፤ ከነሱ አጠገብም ሁለት ትንንሽ የደም ጠብታዎች። ለእምብርቱ በጣም የቀረበው ቢጫ ቁርጥራጭ ያለበት ርቀት ከነርቩ በር ስፋት ግማሽ ያህል ነው።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ በደንብ አያለሁ» ይላሉ መምህሩ።

«አዎ መምህር፣ አሁን ያያሉ። ፈሳሹ እምብርቱ ጋ አልደረሰም። ሊደርስ ግን ቅርብ ነው» ይላቸዋል ሐኪሙ፤ ፎቶውን ወደሳቸው አዙሮ ቢጫውን ቅስት በጣቱ እያሳየ።

እዚህ ላይ ፎቶው ሥራውን ጨርሷል፤ መኖሩን ጠቁሟል፣ መጠኑን ግን አይነግርም። መምህሩ የሚላኩት ኦሲቲ ወደሚባለው ምርመራ ነው። መሣሪያው በብርሃን ሬቲናውን በቁመት ቆርጦ እንዳየ ያህል ንብርብሮቹን ያሳያል፣ ውፍረታቸውንም በማይክሮን ይለካል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የመምህሩ ግራ ዓይን እምብርቱ ላይ 262 ማይክሮን ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ደህና ነው። ከእምብርቱ ወደ ጆሮ በኩል ግን 365 ማይክሮን ደርሷል፤ በንብርብሮቹ መካከልም ፈሳሽ የያዙ ትንንሽ ጥቁር ክፍተቶች ይታያሉ። እብጠት አለ፣ መሃሉን ግን አልነካም ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ሕክምናውን ይወስናል። እብጠቱ እምብርቱን ነክቶ እይታን ሲቀንስ የመጀመሪያው ምርጫ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ቤቫሲዙማብ፣ ራኒቢዙማብና አፍሊበርሴፕት የሚባሉት መድኃኒቶች ስሮቹ እንዲያፈሱ የሚገፋፋውን ንጥረ ነገር ይከለክላሉ። መርፌው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ በየወሩ፣ ኋላ እየተራራቀ ይሰጣል። መሃሉ ካልተነካ ደግሞ በቅርብ መከታተል ወይም የሚያፈሱትን ማይክሮአኑሪዝሞች በሌዘር መንካት ይመረጣል። ኢቲዲአርኤስ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳየው፣ ለእምብርቱ የቀረበ ወይም የነካ እብጠት ያለባቸው ዓይኖች በሌዘር ሲታከሙ እይታ በግልጽ የመቀነስ ዕድላቸው በግማሽ ያንሳል። የመምህሩ ሐኪም በቀለበቱ ውስጥ ያሉትን ሦስት ነጥቦች በሌዘር ነካ። ከዚያ ወደ ስኳር ሐኪማቸው መለሳቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ተጀመረ፣ የስኳሩም ተስተካከለ።

የደም ግፊቱ ነገር በዓይን ክሊኒክ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሊዘነጋ ግን አይገባውም። የሳሳውን ግድግዳ ከውስጥ የሚገፋው ግፊቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የእንግሊዝ የስኳር ጥናት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ግፊታቸው ጠበቅ ተደርጎ የተያዘ የስኳር ሕመምተኞች የሬቲና ጉዳታቸው የመባባስ ዕድሉ በሲሶ ቀንሷል። ስለዚህ ቢጫ ቀለበት የታየበት ሰው ከዓይን ሐኪሙ ወጥቶ ግፊቱን ሳይለካ ወደ ቤቱ ከሄደ ሕክምናው ጎዶሎ ነው።

ስኳሩን ስለማውረድ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በኢንሱሊን በፍጥነት ሲወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሬቲናው ምልክቶች ለጊዜው ሊብሱ ይችላሉ። በረጅም ጊዜ ጥቅሙ የማያጠያይቅ ስለሆነ ሕክምናውን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ፎቶው መነሳት ያለበት ሕክምናው ከመጠንከሩ በፊት ነው፤ ከዚያም በወራት ውስጥ ይደገማል። ያረገዘች የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ ናት። እርግዝናው ራሱ ምልክቶቹን ሊያፋጥን ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት፣ ከዚያም እስከ ወሊድ ድረስ መከታተል አለባት።

አሁን ሌላ ፎቶ እናስብ። የ40 ዓመት ሴት ናቸው፣ እይታቸው በሁለቱም ዓይን 6/6። ማኩላቸው ንጹሕ ነው፤ ቢጫ ነገር የለም። ነገር ግን በአራቱም ማዕዘን፣ ከላይ ከታች፣ በግራ በቀኝ፣ በእያንዳንዱ ከ20 በላይ የደም ጠብታ ተበትኗል። አንዳንድ ትላልቅ መላሽ ደም ስሮች እንደ መቁጠሪያ ቋጠር ቋጠር ብለዋል። እዚህም እዚያም ዳሩ የደበዘዘ ነጭ ቦታ ይታያል፤ ደም ያጣ የነርቭ ክር ያበጠበት ቦታ ነው።

እዚህ ቁጥሩ ነው የሚናገረው። እንዲህ የተበተነ ደም ብዙ ቀጫጭን ስሮች ተዘግተው ሬቲናው አየር እየራበው መሆኑን ያመለክታል። የተራበ ሬቲና አዲስ ደም ስር እንዲበቅል የሚጠራ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ አዲሶቹ ስሮች ደግሞ ደካሞች ናቸው፣ ዓይኑን በደም ሊሞሉትና ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። እዚህ ደረጃ የደረሰ ዓይን ካልታከመ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ስር የማብቀል ዕድሉ ግማሽ ገደማ ነው። መምህሩ ስምንት ትንንሽ ቁርጥራጮች ይዘው፣ እኚህ ሴት አንድም ሳይኖርባቸው፣ ሁለቱም ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። የአንዱ አደጋ መሃል ላይ ያለ እብጠት ሲሆን የሌላዋ ዙሪያውን ያለ የደም እጥረት ነው። «ማኩላዎ ንጹሕ ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን መልስ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ፎቶ የሚያሳስትባቸውም መንገዶች አሉ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ፎቶ ይጉማል፤ በጉሙ ውስጥ ትንንሾቹ ነጥቦች ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ «ምንም አልታየም» ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ መጻፍ ያለበት «ማንበብ አልተቻለም» ተብሎ ነው፤ ሰውየውም በስሊት ላምፕ ወደሚያይ ሐኪም መላክ አለበት። ካሜራው ሌንስ ላይ ያረፈ አቧራም ነጥብ ይመስላል። የሚለየው በሁሉም ሰው ፎቶ ላይ ያው ቦታ ላይ መውጣቱ ነው። በወጣቶች ሬቲና ላይ የብልጭታው ነፀብራቅ በማኩላ ዙሪያ ነጣ ብሎ ስለሚያበራ ኤግዙዴት ሊመስል ይችላል፤ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ግን ነፀብራቁ ቦታ ይለውጣል፣ ኤግዙዴት አይንቀሳቀስም። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የሚታዩት ድሩዘን የሚባሉ ቢጫ ነጥቦችም ከስኳር ጋር ግንኙነት የላቸውም። ዳራቸው ለስለስ ያለ ነው፤ በአብዛኛው በአካባቢያቸው ቀይ ነጥብ የለም።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን የምልክቶቹ መጥፋት ነው። ማይክሮአኑሪዝም በውስጧ ደም ረግቶ ልትደፈንና ከፎቶ ልትጠፋ ትችላለች፤ በሌላ ቦታ አዲስ ትወጣለች። የፈሰሰ ደም በሳምንታትና በወራት ይመጠጣል። ባለፈው ዓመት ሰባት ነጥብ፣ ዘንድሮ አምስት ቢቆጠር ተሻለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ አምስቱም አዲስ ቢሆኑስ? ስሮቹ ፈጽመው በተዘጉበት አካባቢ ደግሞ የሚደማ ስር ስለማይቀር ፎቶው ጸጥ ይላል። ለዚህ ነው የዘንድሮውን ፎቶ ከአምናው ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የሚያስፈልገው። ክሊኒክ የሚቀይር ሰው፣ ከአገር ወደ አገር የሚሄድም ቢሆን፣ የፎቶውን ፋይል በፍላሽ ወይም በስልኩ ይዞ ቢሄድ ቀጣዩ ሐኪም ከባዶ አይጀምርም።

መምህሩ በአራተኛው ወር ተመልሰው ሲመጡ የዚህ ሌላ ገጽታ ታየ። የሦስት ወር ስኳራቸው 7.8 በመቶ፣ ግፊታቸው 134 በ80 ሆኗል። ኦሲቲው ላይ 365 የነበረው ውፍረት ወደ 318 ወርዷል። ፎቶው ላይ ግን ቢጫው ግማሽ ቀለበት ደምቋል፤ ስምንት የነበሩት ቁርጥራጮች አሥራ አንድ ሆነዋል። መምህሩ አይተው ደነገጡ። ነገር ግን ይህ የሚጠበቅ ነው። ውሃው በፍጥነት ሲመጠጥ ስቡ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እብጠቱ እየቀነሰ ኤግዙዴቱ ለጊዜው ይጨምራል። ስቡን ቀስ በቀስ የሚያጸዱት የሰውነት ሴሎች ናቸው፣ ብዙ ወራትም ይፈጅባቸዋል። ሐኪሙ ሌዘር አልደገመም፤ በሦስት ወር ቀጠራቸው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ለስኳር ሕመምተኞች ብሔራዊ የፎቶ ምርመራ መዘርጋት ከጀመረች በኋላ፣ በ2014 የታተመ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ ለሥራ በደረሱ ሰዎች ዘንድ የስኳር ሬቲና ጉዳት ቀዳሚ የዓይነ ሥውርነት ምክንያት መሆኑ ቀርቷል ብሏል፤ ቢያንስ በአምስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። የተደረገው ነገር ሰዎችን ስም በስም እየጠሩ፣ እያዩም ሳሉ፣ ሕመም ሳይሰማቸው፣ በተወሰነ ጊዜ ፎቶ ማንሳት ነው። እኛ ዘንድ የሬቲና ሐኪሞች ጥቂትና በትላልቅ ከተሞች የተሰባሰቡ ናቸው። ፎቶውን ማንሳት ግን የሠለጠነ ነርስ ወይም የዓይን ጤና ባለሙያ ይችላል፤ ንባቡም ፎቶው ሌላ ከተማ ተልኮ ሊሠራ ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ መድረስ ያለባቸው እንደ መምህሩና እንደ እኚያ ሴት ያሉት ናቸው።

መቼ መጀመር እንዳለበት ደንቡ ግልጽ ነው። ዓይነት ሁለት የሚባለው ስኳር ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ፎቶው የሚነሳው በሽታው በታወቀበት ጊዜ ነው። በድንገት የሚጀምረው ዓይነት አንድ ላይ ግን የመጀመሪያው ፎቶ በአምስት ዓመት ውስጥ ይሁን ይባላል። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በየዓመቱ ነው፤ ምልክት ካለ ይቀርባል። ፎቶ የተነሳ ሰው ውጤቱን ሲቀበል ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ይጠይቅ። የደምና የነጥቡ ደረጃ ስንት ነው? ከማኩላው እምብርት አጠገብ ቢጫ ነገር አለ? ፎቶው በደንብ የሚነበብ ነበር? ቀጣዩ ፎቶ መቼ ነው? መልሱን ከስኳር ደብተሩ ጋር ይጻፍለት፤ የስኳር ሐኪሙም ኪኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን ሲያስተካክል አይቶት እንዲወስን።